አይኤልትስ ራይቲንግ፦ 6 ላይ የያዘሽ የቃል ማነስ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጎንደር የምሠራ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ እየሄድኩ አይኤልትስ አካዳሚክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሦስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። ሌሎቹ ክፍሎች 7 እና ከዚያ በላይ ሲመጡልኝ ራይቲንግ፣ ማለትም የጽሑፍ ክፍሉ፣ ግን 5.5፣ 5.5፣ በመጨረሻ 6 ሆነ። ለማስተርስ ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ 7 ይፈልጋል። ያስጠኑኝ ሰው ‹ቃላትሽ ተራ ነው፣ ከበድ ያለ ቃል ጨምሪበት› ስላሉኝ ብዙ ቃል ሸመደድኩ። ፈታኞቹ በትክክል የሚያዩት ምንድን ነው? አንድ ስህተት ስንት ነጥብ ያስቀንሳል? ድጋሚ ይታረምልኝ ብዬ ባመለክትስ? ቤት የተለማመድኩበትን ጽሑፍ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ስህተት እየተቆጠረ ነጥብ አይቀነስም። ብዙ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ዲክቴሽን ያስበዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ፈታኙ ፊት ለፊቱ ከ0 እስከ 9 ላለው ለእያንዳንዱ ደረጃ የተጻፈ መግለጫ አለ። ጽሑፍሽን ያነብና የትኛው መግለጫ እንደሚስማማው ይወስናል። ይህን የሚያደርገው አራት ጊዜ ነው፣ በአራት የተለያዩ ዓይኖች። አንደኛው ለጥያቄው የሰጠሽው ምላሽ ነው። ሁለተኛው የሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ ሦስተኛው የቃላት አጠቃቀም፣ አራተኛው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት። አራቱም እኩል ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ።

የውጤት ወረቀትሽ ላይ የሚወጣው ግን ለራይቲንግ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። 6 የመጣብሽ በምን እንደሆነ ወረቀቱ አይነግርሽም። ስለዚህ ሰው በግምት ይሄዳል፣ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ቃላት ላይ ያርፋል። ቃል መሸምደድ ቀላል ነዋ። ሂሳቡን ግን እንይ። በድርሰቱ አራቱም መስፈርት ላይ 6፣ 6፣ 6፣ 6 አግኝተሻል እንበል፤ ድምሩ 24 ነው። በሸመደድሽው ቃል የቃላቱ ነጥብ ወደ 7 ከፍ ቢል ድምሩ 25 ይሆናል። ያ ሁሉ ልፋት ለድርሰቱ የጨመረው ሩብ ነጥብ ነው። አማካዩ 7 እንዲሆን ድምሩ 28 መድረስ አለበት። በአንድ መስፈርት ብቻ እዚያ አይደረስም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጽሑፍሽ እንግባ። ራይቲንግ ሁለት ጥያቄ አለው። ሁለተኛው፣ ማለትም ባለ 250 ቃሉ ድርሰት፣ የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ግራፉና ስለ ሰንጠረዡ፣ የምለው አጭር ነው። ቁጥሮቹን ከመዘርዘርሽ በፊት ወይም በኋላ አጠቃላይ አዝማሚያው ምን እንደሆነ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ። ይህ የሌለው ጽሑፍ ምንም ቢያምር የምላሽ ነጥቡ ዝቅ ይላል። የተሰጠሽን 60 ደቂቃ 20 ለመጀመሪያው፣ 40 ለሁለተኛው ክፈይው። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

የላክሽው ጥያቄ በአማርኛ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፦ መንግሥት ለታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት የሚያወጣውን ገንዘብ ለአዳዲስ መኖሪያ ቤቶችና መንገዶች ቢያውለው ይሻላል፤ በዚህ ሐሳብ ምን ያህል ትስማማለህ? የጻፍሽው ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ነው፦

«በመጀመሪያ ደረጃ ታሪካዊ ሕንፃዎች ለዓለም አገሮች ሁሉ እጅግ አስፈላጊ ናቸው። በተጨማሪም ቱሪስቶች ይመጣሉ። ለምሳሌ በጎንደር የፋሲል ግንብ አለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ፣ እጅግ የበዛ ሰው ይጎበኘዋል። ከዚህም በላይ ቱሪዝም ለኢኮኖሚ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ መኖሪያ ቤትም አስፈላጊ ነው። ስለዚህ መንግሥት ሁለቱንም ማሰብ አለበት።»

መጀመሪያ በምላሽ ዓይን እናንብበው። ጥያቄው የጠየቀው ስለ ገንዘብ ነው። ከሁለቱ ለየትኛው ይውጣ? አንቺስ በዚህ ምን ያህል ትስማሚያለሽ? አንቀጽሽ ውስጥ ገንዘብ የሚል ነገር የለም። የተጻፈው ቅርስ ይጠቅማል፣ ቤትም ይጠቅማል ነው። ይህን ማንም አልተከራከረም። ፈታኙ የሚፈልገው አቋም ነው፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን «ሁለቱንም ማሰብ አለበት» ብሎ ከጥያቄው ይሸሻል። መሃል ላይ መቆም ይቻላል፣ በዚያ ማንም ነጥብ አይቀንስብሽም። ነገር ግን መሃል ላይ የቆምሽበት ምክንያት መታወቅ አለበት። ለምሳሌ «ተዳክሞ ሊፈርስ ላለ ሕንፃ አዎ፣ ለማስዋቢያ አይሆንም» ማለት አቋም ነው። «ሁለቱም ጥሩ ነው» አቋም አይደለም።

ሌላው ሐሳቡ ያለመዳበሩ ነው። ስድስት ዓረፍተ ነገር አለ፣ ሐሳቡም ስድስት ያህል ነው። አንዱም ሁለተኛ እርምጃ አልሄደም። ቱሪስት ይመጣል፤ መጥቶስ? ለኢኮኖሚ ይጠቅማል፤ ማንን፣ በምን መንገድ? የ6 መግለጫ ዋና ሐሳቦቹ ተገቢ ቢሆኑም አንዳንዶቹ በበቂ አልዳበሩም ይላል። የ7 መግለጫ ደግሞ ግልጽና የዳበረ አቋም፣ የተስፋፉና የተደገፉ ሐሳቦች ይፈልጋል። በ6 እና በ7 መካከል ያለው ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እንዲያውም ይህ አንቀጽሽ በምላሽ ብቻ ቢታይ ወደ 5 ሊወርድ ይችላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ለተጠየቀው ነገር በቀጥታ አልመለሰም።

ይህ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በእኛ አጻጻፍ ዳር ዳሩን ዞሮ፣ አንባቢን አክብሮ፣ ቀስ ብሎ ወደ ነገሩ መግባት ጨዋነት ነው። የትምህርት ቤት ድርሰታችንም «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ...» ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህ ፈተና ላይ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ ከ250 ቃል ላይ 60ው ለመግቢያ ጭውውት ከሄደ፣ ሐሳብ ለማዳበር የሚቀረው ቦታ ያንስሻል። ባያያዝሽው ጽሑፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ዓለም ታሪክ ያወራል። ያንን ሙሉውን ብታወጪው ድርሰቱ ምንም አይጎድልበትም።

የምሳሌውን ነገር እዚሁ ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ፈታኙ ግንቡ መቼ እንደተሠራ አያጣራም፤ የታሪክ ዕውቀትሽንም አይመዝንም። «በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ» የሚለው ትክክል ነው፣ ለክርክርሽ ግን ምንም አይሠራለትም። የጎንደር ሰው ስለ ግንቡ ሲጽፍ ኩራቱ ይቀድመዋል፤ ፋሲለደስን፣ በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ ጥምቀትን ሁሉ ማስገባት ያምረዋል። ምሳሌ የሚገባው አንድ ነገር ለማስረዳት ሲጠቅም ብቻ ነው።

አሁን በፍሰት ዓይን እናንብበው። ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በማያያዣ ነው የሚጀምሩት፦ በመጀመሪያ ደረጃ፣ በተጨማሪም፣ ለምሳሌ፣ ከዚህም በላይ፣ ይሁን እንጂ፣ ስለዚህ። በእንግሊዝኛው ፈርስትሊ፣ ሞርኦቨር፣ ፎር ኤግዛምፕል፣ ፈርዘርሞር፣ ሃውኤቨር፣ ዜርፎር ብለሽ ደርድረሻቸዋል። አስጠኚዎች «እነዚህን ካስገባሽ ፍሰቱ ይሞላል» ይላሉ። ተገላቢጦሽ ነው። የ6 መግለጫ የዓረፍተ ነገሮች ትስስር የተሳሳተ ወይም ሜካኒካል ሊሆን ይችላል ይላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ማያያዣን ከመጠን በላይ መጠቀም ነው። አንቺ ጋ ያለው ይኸው ነው።

ማያያዣው ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ስድስቱን ማያያዣዎች አጥፊና አንቀጹን ድጋሚ አንብቢው። ሐሳቡ ያለ እነሱ ቆሞ ከሄደ ፍሰት አለ። ከተበታተነ ግን ማያያዣው የሌለ ግንኙነት ሲያስመስል ነበር ማለት ነው። ያንቺ ይበታተናል። «በተጨማሪም ቱሪስቶች ይመጣሉ» የሚለው «ሕንፃዎች አስፈላጊ ናቸው» በሚለው ላይ የተጨመረ ሌላ ነጥብ አይደለም፤ ምክንያቱ ነው። ስለዚህ «በተጨማሪም» እዚያ ቦታ ላይ ትርጉሙ ራሱ ተሳስቷል።

ያንኑ ሐሳብ፣ ያንኑ ጎንደርን ይዤ እንደገና ልጻፈው፦

«ገንዘቡን ከእድሳት ላይ ማንሳት ለቤትና ለመንገድ ተጨማሪ ሀብት አያስገኝም፤ ያለውንም ሊቀንስ ይችላል። እንደ ጎንደር ባለ ከተማ ብዙ ሆቴሎች፣ አስጎብኚዎችና የእደ ጥበብ ሱቆች የሚተዳደሩት ግንቡን ለማየት በሚመጣ እንግዳ ነው። ግንቡ ጥገና አጥቶ ለጎብኚ ቢዘጋ እነዚህ ሰዎች ገቢያቸውን ያጣሉ። ከተማውም ከእነሱ የሚሰበስበው ግብር ይቀንሳል፤ መንገድ የሚሠራው ደግሞ በከፊል በዚሁ ግብር ነው።»

አንድም «ሞርኦቨር» የለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ከፊቱ ካለው አንድ ነገር ይዞ ይነሳል። «እነዚህ ሰዎች» ወደ ሆቴሎቹና ወደ አስጎብኚዎቹ ይመለሳል፣ «በዚሁ ግብር» ከተማው ወደሚሰበስበው ግብር ይመለሳል። በእንግሊዝኛ ይህን የሚሠሩት ዲስ፣ ዚዝ፣ ሰች፣ ዜር የሚሉት ትናንሽ ቃላት ናቸው። የ7 መግለጫ በስም እየጠራ የሚፈልጋቸውም እነሱን ነው። አቋሙም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ይታወቃል፣ ሐሳቡም አንድ ብቻ ሆኖ እስከ መጨረሻው ተገፍቷል። ይህ 9 የሚያሰጥ አንቀጽ ነው አልልሽም። ክርክሩ ደፈር ያለ ነው፣ ተቃራኒውን ወገንም አላየም። በምላሽና በፍሰት ግን ከ6 ወጥቶ የ7ን መግለጫ ይነካል።

በቃላት በኩል ደግሞ ልብ በይ፤ ከላይ ያለው አንቀጽ ውስጥ ከባድ የሚባል ቃል የለም። እድሳት፣ ጥገና፣ ገቢ፣ ግብር። ስለዚህ ርዕስ የሚጽፍ ሰው በግድ የሚያስፈልጉት ቃላት ናቸው፣ በቦታቸውም ገብተዋል። ፈታኙ የሚመዝነው ስፋትንና ልክነትን ነው፤ ብርቅነትን ብቻ አይደለም። አንቺ «ብዙ ሰው ይጎበኘዋል» ለማለት «ፕሌቶራ» ብለሻል። ያ ቃል በመሠረቱ ከሚፈለገው በላይ የሆነ ብዛትን ያመለክታል፤ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲገባ የተሸመደደ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ልክ ለሥራ ቀን የሠርግ ቀሚስ እንደመልበስ ነው። በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ደግሞ «ቱሪዝም ኢዝ ጉድ» ብለሽ ወርደሻል። የ7 መግለጫ የአጻጻፍ ደረጃንና የቃላት ጉርብትናን ማወቅ ይፈልጋል፤ ማለትም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሄድ። «ጄኔሬት ኢንካም»፣ «ሜይንቴናንስ ኮስትስ»፣ «ፐብሊክ ፈንድስ» የሚሉ ጥንዶችን መያዝ አንድ መቶ ብርቅ ቃል ከመሸምደድ ይበልጣል። የፊደል ስህተትም እዚሁ መስፈርት ውስጥ ነው የሚታየው። «ጎቨርንመንት» የሚለውን በሦስት ዓይነት ጽፈሽዋል።

ሰዋስው ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይለካል፣ ስፋትና ትክክለኛነት። ስህተት የፈራ ሰው አጫጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጽፋል፤ ትክክል ይሆናል፣ ግን ስፋት የለውም። ለመራቀቅ የፈለገ ደግሞ ረዥም ይጽፍና ይጠላለፍበታል። የ6 መግለጫ ይህን ሁለተኛውን በደንብ ይገልጸዋል፦ ቀላልና ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ይደባልቃል፣ ውስብስቡ ግን እንደ ቀላሉ ትክክል አይደለም። 7 ላይ ለመድረስ ስህተት የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮች በተደጋጋሚ መታየት አለባቸው።

ያንቺ ችግር ከባድ ስህተት አይደለም። ትንንሽ ስህተት ነው፣ ግን በሁሉም ቦታ የተበተነ። ድርሰትሽን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ስቆጥር አንድም እንከን የሌለበት አንድ አራተኛ እንኳ አይሞላም። ከቀሩት አብዛኞቹ የወደቁት በ«ዘ» ነው። አማርኛ «መንግሥት ይህን ማድረግ አለበት» ሲል ምንም አይጨምርበትም። እንግሊዝኛው «ዘ» ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ርዕሱ ስለ መንግሥት ስለሆነ ይህን ቃል በየዓረፍተ ነገሩ ደጋግመሽዋል፤ ያው አንድ ስህተት የድርሰቱን ግማሽ አበላሸው። «ፒፕል» ከሚለው ቃል ጋር «ኢዝ» ማስገባትሽም ከአማርኛው «ሕዝቡ ነው» የመጣ ነው።

ሁለተኛው ነጠላ ሰረዝ ነው። «የፋሲል ግንብ አለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ፣ ብዙ ሰው ይጎበኘዋል።» በአማርኛ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተገርሞ ሄደ» እያልን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ ድርጊት መቀጠል ልማዳችን ነው። በእንግሊዝኛ ሦስት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ መቀጠል ስህተት ነው። መፍትሔው ማሳጠር ብቻ አይደለም። ከሦስቱ አንዱን ወደ «ዊች» ሐረግ ቀይሪው፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የፋሲል ግንብ ብዙ እንግዳ ይስባል። በአንድ ጊዜ ስህተቱ ጠፋ፣ ስፋቱም ጨመረ።

ድጋሚ እርማት የማመልከት መብት አለሽ፤ ከተፈተንሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ሳምንት ውስጥ ነው፣ ይከፈልበታል። ውጤትሽ ከተቀየረ ገንዘቡ ይመለስልሻል። ላንቺ ጉዳይ ግን አልመክርም። ይህ መንገድ የሚያዋጣው ልምምዱ ላይ ሁልጊዜ 7 የሚያመጣ ሰው በፈተና ቀን በድንገት 6.5 ሲያገኝ ነው። አንቺ በሦስት ፈተና 5.5፣ 5.5፣ 6 ነው ያገኘሽው፤ ያያያዝሽው ጽሑፍም ያንኑ ደረጃ ያሳያል። ፈታኙ አልተሳሳተም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። «የ7 አንቀጽ» እየተባለ የሚሸጥ አብነት አትሸምድጂ። የተሸመደደ ጽሑፍ ከጥያቄው ጋር ሲጋጭ ወዲያው ይለያል፣ መጀመሪያ የሚጎዳውም የምላሽ ነጥብሽን ነው። የጥያቄውን ዓረፍተ ነገርም እንዳለ አትገልብጪ፤ የተገለበጠ እንደ ራስሽ ጽሑፍ አይቆጠርልሽም። ከ250 ቃል በታች መቅረት ደግሞ ሐሳብ ስለሚያሳጥር ያው ምላሹን ይጎዳል። ከ280 በላይ መሄድ ግን ትርፍ የለውም፤ ያ ጊዜ ለማረም ቢውል ይሻላል።

የምመክርሽ ይህ ነው። የቃላት ደብተሩን ዝጊው። ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት በሳምንት ሁለት ድርሰት ብቻ ጻፊ፣ ሰዓት ይዘሽ። ከመጻፍሽ በፊት 6 ወይም 7 ደቂቃ ውሰጂና አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ቢሆን አስፍሪ፦ «እኔ እስማማለሁ ወይም አልስማማም፣ ምክንያቱም...» ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ አትጀምሪ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ብቻ፤ ከሐሳቡ ሥር «ከዚያስ ምን ይሆናል?» የሚለውን ሁለት ጊዜ መልሺ። በማግስቱ ያንኑ ድርሰት አራት ጊዜ አንብቢው፣ በየአንዱ ንባብ አንድ መስፈርት ብቻ እያየሽ። በአራተኛው ንባብ ላይ እንከን የሌለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አስምሪባቸው። ከዚያ ያንኑ ድርሰት እንደገና ጻፊው። አዲስ ርዕስ እያሳደዱ አሥር ድርሰት ከመጻፍ አንዱን ሦስት ጊዜ ማስተካከል ይበልጣል። «ዘ» እና ነጠላ ሰረዝን አስተማሪ ሳያስፈልግሽ ራስሽ ልታርሚያቸው ትችያለሽ። አቋምሽና ሐሳብሽ መዳበሩን ግን ሌላ ሰው ይይልሽ፤ ሆስፒታል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ የሥራ ባልደረባ ይበቃል። አንቀጹን ሰጥተሽ «ምን እያልኩ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃተው፣ ፈታኙም አልገባውም።

ለአራተኛ ጊዜ ክፍያ ፈጽመሽ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር ይሟላ። በተከታታይ አራት ድርሰት ላይ ከግማሽ በላይ ዓረፍተ ነገሮችሽ እንከን የለሽ ይሁኑ፤ ይህ የእኔ መለኪያ ነው፣ መግለጫው ቁጥር አላስቀመጠም። እነዚሁ አራት ድርሰቶች ላይ ባልደረባሽ አቋምሽን ከመግቢያው ብቻ አንብቦ መናገር ይቻለው። ሁለቱ ካልተሟሉ ቀጠሮ አትያዢ።